ጾሙ ተፈታ፣ ክርክራችንስ?

ሜሮን፦ ያሬድ፣ እንዴት ሰነበትክ?

ዛሬ ጠዋት በባጃጅ ወደ ሥራ ስሄድ አንድ የአባ ኮዳ ወፍ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለን። ሹፌሩ ጥሩምባ ቢነፋ፣ ቢቆጣ፣ ወይ ፍንክች! ያን ቀን ፍቅር ሐይቅ ሳለን አጠገብህ መጥቶ ሲቆም ቡናህን እንደያዝክ ብድግ ያልከው ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ሹፌሩ ዞሮ "ምነው እህቴ፣ ሰላም ነሽ?" አለኝ። ምን ልበለው?

ደግሞ ያልጨረስነው ጉዳይ አለ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም ስንባባል መሸና ተለያየን። እማዬን ጠየቅኳት። "ደም ያለው ነገር በጾም አይበላም" ብላ ላንተ ፈረደች። ደስ ይበልህ። ወንድሜ ግን ከኔ ጋር ነው፤ ሐዋሳ ተወልዶ አሳ የማይበላ ጾመኛ አላየሁም ይላል። እሱ እንኳን ከሆዱ ተነስቶ ነው የሚፈርደው፣ ቢሆንም ድምፅ ድምፅ ነው። አንድ ለአንድ ነን።

አሁን ግን ሐምሌ 5 አለፈ፣ የሰኔ ጾም ተፈታ። ማምለጫ የለህም። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል አሳ ገበያ ሄደን ቆሮሶ በዳጣ ልጋብዝህ? ጥሬውን ብላ ብዬ አላስገድድህም። የአዳማ ልጅ በጥብስ ነው የሚጀምረው።

እኔ በሰኔ መጨረሻ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስቆጥር ውዬ ማታ ስልክ ማየት ራሱ ያስጠላኝ ነበር። አሁን ተንፍሻለሁ። አንተስ፣ ሥራ እንዴት ነው? ባይመችህ ወይም ሐሳብህ ሌላ ቢሆን በግልጽ ንገረኝ፣ አልቀየምም። ያን ቀን ግን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። እሱን ሳልነግርህ እንዲቀር አልፈለግኩም።

ያሬድ፦ ሜሪ! አሁን ነው የነቃሁት። በዚህ መልእክት መንቃት እንዴት ደስ ይላል

ያሬድ፦ እኔ እኮ መጨረሻ ላይ 😂 ልኬ ዝም ስትይ በቃ ሰለቸኋት ብዬ ነበር

ሜሮን፦ ለ😂 ምን ተብሎ ይመለሳል?

ያሬድ፦ እሱም እውነት ነው

ያሬድ፦ ከዚያ ደግሞ የማታ ሺፍት አስገቡኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሌሊቱን ከማሽን ጋር ስታገል አድራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ልጽፍልሽ የማስበው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው "እንዴት ነሽ" ይባላል?

ሜሮን፦ አይባልም። ግን ጠዋት ተነስቼ ባየው አልጠላም ነበር

ያሬድ፦ 🙈 ለእማማ ሰላም በይልኝ። ፍርድ የሚያውቁ እናት ናቸው

ሜሮን፦ ስላንተ አልነገርኳትም እኮ። "አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠይቆኝ ነው" አልኳት። እሷም "ባልደረባሽ ያገባ ነው?" አለችኝ። ሰው ስለ አሳ ሲጠይቃት ይህን ታመጣለች!

ያሬድ፦ 😂

ሜሮን፦ ያው ጀመርክ

ያሬድ፦ እሺ እሺ፣ ወደ ቁም ነገር። የአዳማ ልጅ ያልሽውን አልረሳውም። ቆቃ አጠገባችን ነው፣ አሳ እየበላን ነው ያደግነው

ሜሮን፦ በመኪና ተጭኖ የመጣና ዓይንህ እያየ ከጀልባ የወረደ አንድ ነው?

ያሬድ፦ ቀምሼ ነው የምፈርደው። ቅዳሜ ጠዋት ከሺፍት ስወጣ በቀጥታ ልምጣ?

ሜሮን፦ ሌሊቱን ሠርተህማ አይሆንም። ሾርባው ላይ ስታንቀላፋ ማየት አልፈልግም። ቅዳሜ ተኛ፣ እሁድ ይሁን። እኔም ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ እመጣለሁ

ያሬድ፦ ወይ ለሚቀጥለው ሳምንት እናድርገው? ያኔ ወደ ቀን ሺፍት እመለሳለሁ

ሜሮን፦ ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ እኛም ቤት ዘመድ ይመጣል፣ ባጃጅ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ ያኔ "ጾም ነው" ልትለኝ ነው

ያሬድ፦ ሁሉንም አስበሽበታል ማለት ነው

ሜሮን፦ ቆጠራ ላይ ከርሜ የለ

ያሬድ፦ በቃ እሁድ። ስንት ሰዓት?

ሜሮን፦ 3 ሰዓት፣ መግቢያው በር ላይ። ሐምሌ ነውና ጃንጥላ ያዝ፣ የኔ ተሰብሯል

ያሬድ፦ እይዛለሁ። ሒሳቡ ግን የኔ ነው

ሜሮን፦ ባለፈው አንተ ከፍለሃል። የጋበዝኩት እኔ ነኝ፣ አትከራከረኝ

ያሬድ፦ ይሁን፣ ቡናው የኔ። ዛሬ ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ልደውልልሽ?

ሜሮን፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደውል። እስከዚያ ፋርማሲ ነኝ