ሻማው፣ ሌንሱና ግድግዳው፦ የኮንቬክስ ሌንስ መልመጃ ከነመፍትሔው

ሰላም ልጆች። የሌንስ ፎርሙላ ራሱ አይከብድም። ነጥብ የሚያስጥለው ሁለት ትንንሽ ነገር ነው፦ መጨረሻ ላይ ክፍልፋዩን መገልበጥ መርሳትና የመቀነስ ምልክት። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሌንስ ይዘን፣ አንድ ሻማ እያቀረብንና እያራቅን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ሌንሱ አይቀየርም፣ ሻማውም አይቀየርም። የሚቀየረው ርቀቱ ብቻ ነው። አውቄ ነው እንዲህ ያደረግኩት፤ በየጥያቄው አዲስ ሌንስና አዲስ ቁጥር ሲመጣባችሁ ሂሳቡን ትሠሩታላችሁ እንጂ ሌንሱ ምን እያደረገ እንደሆነ አታዩትም።

ጥያቄው ይኸው።

ደብረ ብርሃን ነው፣ መሽቷል፣ መብራት ጠፍቷል (ምን አዲስ ነገር አለ?)። የትኩረት ርቀቱ 12 ሳ.ሜ. የሆነ ኮንቬክስ ሌንስ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ከፊቱ ሻማ አለ፣ የነበልባሉ ቁመት 4 ሳ.ሜ. ነው። ሻማው ከሌንሱ ሀ) 36 ሳ.ሜ. ለ) 24 ሳ.ሜ. ሐ) 18 ሳ.ሜ. መ) 12 ሳ.ሜ. ሠ) 8 ሳ.ሜ. ሲርቅ የነበልባሉ ምስል የት ላይ ይገኛል? ቁመቱስ ስንት ነው? ረ) ሲነጋ በዚያው ሌንስ፣ በመስኮት በኩል፣ 240 ሜትር ርቆ የቆመ 20 ሜትር ቁመት ያለው ባሕር ዛፍ ምስል ግድግዳ ላይ ብንጥል ምስሉ ስንት ሳ.ሜ. ይረዝማል? ሰ) ሻማውና ግድግዳው በ75 ሳ.ሜ. ቢራራቁ ሌንሱን መሀላቸው የት ብናቆመው ግድግዳው ላይ ጥርት ያለ ምስል ይወጣል?

የምንጠቀምባቸው ሁለት ፎርሙላዎች ናቸው።

1/f = 1/u + 1/v

m = −v/u

f የትኩረት ርቀት ነው፣ u ከሻማው እስከ ሌንሱ፣ v ከሌንሱ እስከ ምስሉ ያለው ርቀት። m ማግኒፊኬሽን ነው፣ ምስሉ ከሻማው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግረናል። አንዳንድ መጽሐፍ ላይ ፊደሎቹ ይለያያሉ፣ አትደናገጡ። እኛ በምንሠራበት አያያዝ የኮንቬክስ ሌንስ f ሁሌም ፖዘቲቭ ነው። v ፖዘቲቭ ከሆነ ምስሉ በሌንሱ ማዶ ነው፣ ወረቀት ላይ ይያዛል፣ ክፍል ውስጥ ሪል የምንለው ነው። v ኔጋቲቭ ከመጣ ምስሉ በሻማው በኩል ነው፣ ወረቀት ላይ አይያዝም፣ ቨርችዋል የምንለው ነው። m ኔጋቲቭ ሲሆን ምስሉ ተገልብጧል፣ ፖዘቲቭ ሲሆን ቀና ብሎ ቆሟል።

ገና ሂሳቡን ሳትጀምሩ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ f = 12 እና 2f = 24። የሻማው ርቀት ከነዚህ ሁለቱ አንጻር የት እንዳለ ካያችሁ መልሱን ግማሽ በግማሽ አውቃችሁታል። ከ24 በላይ ከሆነ ምስሉ ያንሳል። በ12 እና በ24 መሀል ከሆነ ይተልቃል። ከ12 በታች ከሆነ ቨርችዋል ነው። ሂሳቡ ከዚህ የተለየ ነገር ካመጣባችሁ የተሳሳተው ሂሳቡ ነው፣ ተመለሱ።

ሀ) u = 36

ከ24 በላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽና የተገለበጠ ምስል እየጠበቅን እንጀምር።

1/v = 1/f − 1/u = 1/12 − 1/36

የጋራ ታህት 36 ነው፦ 3/36 − 1/36 = 2/36 = 1/18

እዚህ ጋ ቁሙ! ያገኘነው v አይደለም፣ 1/v ነው። 1/18 ብሎ የሚተወው ተማሪ ብዙ ነው። ገልብጡት፦ v = 18 ሳ.ሜ.

m = −18/36 = −0.5። የምስሉ ቁመት 0.5 × 4 = 2 ሳ.ሜ.፣ የተገለበጠ፣ ሪል። ወረቀቱን ከሌንሱ ማዶ 18 ሳ.ሜ. ላይ ብትይዙት ጫፉ ወደ ታች የሆነ ትንሽ ነበልባል ታያላችሁ። በበር በኩል የገባ ንፋስ ነበልባሉን ወደ ግራ ቢያዘነብለው የወረቀቱ ነበልባል ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ መገልበጡ ላይና ታች ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኝም ስለሆነ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ሞክሩ። የሌንሱን ግማሽ በካርቶን ሸፍኑት። ምስሉ በግማሹ የሚቆረጥ ይመስላችኋል አይደል? አይቆረጥም። ሙሉ ነበልባሉ እንዳለ አለ፣ ደብዘዝ ይላል እንጂ፤ ምክንያቱም ከነበልባሉ ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚነሳው ብርሃን በሌንሱ በሙሉ ያልፋል፣ ግማሹ ቢዘጋበት በቀረው ግማሽ አልፎ እዚያው ቦታው ላይ ይገናኛል። ፈተና ላይ የሚወዷት ጥያቄ ናት።

ለ) u = 24

ልክ 2f ላይ ነው። 1/v = 1/12 − 1/24 = 1/24፣ v = 24 ሳ.ሜ.። m = −1። ቁመቱ 4 ሳ.ሜ.፣ የተገለበጠ፣ ከሻማው ጋር እኩል። እንለፍ።

ሐ) u = 18

1/v = 1/12 − 1/18 = 3/36 − 2/36 = 1/36፣ v = 36 ሳ.ሜ.

m = −36/18 = −2። ቁመቱ 8 ሳ.ሜ.፣ የተገለበጠ፣ ሪል።

አሁን ወደ ሀ ተመልሳችሁ እዩ። እዚያ u 36 ነበር፣ v 18 ሆነ። እዚህ u 18 ነው፣ v 36 ሆነ። ቦታ ተለዋወጡ። በአጋጣሚ አይደለም፤ ፎርሙላው ላይ u እና v ቢለዋወጡ ምንም አይቀየርም፣ ብርሃንም በመጣበት መንገድ መመለስ ይችላል። ስለዚህ ፈተና ላይ አንዱን ከሠራችሁ ሌላውን በነፃ አገኛችሁት ማለት ነው። ሁለቱ ቁመቶች 2 እና 8 ናቸው፣ ብዜታቸው 16፣ የ16 ካሬ ሩት ደግሞ 4፣ የነበልባሉ ቁመት! ይህ ሁሌም ይሠራል፣ አንዱ m የሌላው ግልባጭ ስለሆነ።

መ) u = 12

1/v = 1/12 − 1/12 = 0። «v ዜሮ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ዜሮ የሆነው 1/v ነው። ጨረሮቹ ከሌንሱ ሲወጡ ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ፣ የትም አይገናኙም። ምስሉ ኢንፊኒቲ ላይ ነው እንላለን፤ ወረቀቱን ወደፈለጋችሁት ብታንቀሳቅሱት የሚታየው የደበዘዘ ብርሃን እንጂ ነበልባል አይደለም።

ሠ) u = 8

1/v = 1/12 − 1/8 = 2/24 − 3/24 = −1/24፣ v = −24 ሳ.ሜ.

ኔጋቲቭ ሲመጣ «ተሳሳትኩ» ብሎ የሚያጠፋው ብዙ ነው። አታጥፉት! ሻማው ከ12 በታች ስለሆነ ቨርችዋል እንደሚሆን አስቀድመን ብለናል። አሁን ምልክቱን ሳትጥሉ m ውስጥ አስገቡት፦

m = −(−24)/8 = +3

ቁመቱ 12 ሳ.ሜ.፣ ቀና ያለ፣ ቨርችዋል፣ በሻማው በኩል ከሌንሱ 24 ሳ.ሜ. ላይ። ወረቀት ላይ አታገኙትም፣ በሌንሱ ውስጥ አሻግራችሁ ስታዩ ነው የሚታያችሁ። አጉሊ መነጽር የሚባለው ይኸው ነው፤ አባቶች የዳዊቱን ደቃቅ ፊደል ሲያነቡ መነጽሩን ወደ ገጹ የሚያስጠጉት ፊደሉ ከትኩረት ነጥቡ ወዲህ እንዲሆን ነው።

ረ) ባሕር ዛፉ

መጀመሪያ መለኪያውን አንድ አድርጉ። 240 ሜትር = 24000 ሳ.ሜ.፣ 20 ሜትር = 2000 ሳ.ሜ.። ሜትርና ሳንቲ ሜትር ደባልቆ የሚያስገባ ሰው መልሱ ሰማይ ጠቀስ ይሆንበታል።

1/v = 1/12 − 1/24000 = 2000/24000 − 1/24000 = 1999/24000

v = 24000/1999 ≈ 12.006 ሳ.ሜ.

ማለትም 12 ነው። m ≈ −12/24000 = −0.0005። ቁመቱ 0.0005 × 2000 = 1 ሳ.ሜ. ገደማ፣ የተገለበጠ። ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ ጥፍር የሚያክል ሆኖ ግድግዳው ላይ ዘቅዝቆ ተንጠለጠለ።

ከዚህ የሚወጣው ጥቅም ትልቅ ነው። f ያልተጻፈበት ሌንስ ቢሰጣችሁ ሩቅ ነገር ፈልጋችሁ ምስሉን ግድግዳ ላይ አጥሩና ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለውን በማስመሪያ ለኩ፤ ያው f ነው። ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው፣ ሩቅ ዛፍ አይጠፋም። ደብረ ሲና ያላችሁ ደግሞ ቀና ብላችሁ የጣርማ በርን ተራራ ተጠቀሙ። ፀሐይን ግን በሌንስ ውስጥ አሻግራችሁ እንዳታዩ፣ ዓይን ያጠፋል።

ሰ) በ75 ሳ.ሜ. መሀል

እዚህ ላይ u አልተሰጠም፣ ድምሩ ነው የተሰጠው፦ u + v = 75። ፎርሙላውን በጋራ ታህት ጻፉት፦

1/f = (u + v)/(u × v)

ስለዚህ u × v = f × (u + v) = 12 × 75 = 900።

ድምራቸው 75፣ ብዜታቸው 900 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፦ 15 እና 60። ካላያችኋቸው u² − 75u + 900 = 0 ብላችሁ በኳድራቲክ ፍቱት፣ እነሱው ይመጣሉ። ሌንሱ እንግዲህ ሁለት ቦታ አለው። ከሻማው 15 ሳ.ሜ. ላይ ቢቆም m = −60/15 = −4፣ ግድግዳው ላይ 16 ሳ.ሜ. የሚሆን ግዙፍ ነበልባል። 60 ሳ.ሜ. ላይ ቢቆም m = −15/60 = −0.25፣ 1 ሳ.ሜ. የሆነች ትንሽዬ። ለማረጋገጥ 16 × 1 = 16፣ ካሬ ሩቱ 4። ልክ ነው።

አንድ ተማሪ «ጠረጴዛዬ ትንሽ ነው፣ 40 ሳ.ሜ. ብቻ ባራርቃቸውስ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ ብዜቱ 12 × 40 = 480 መሆን አለበት፣ ድምራቸው 40 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ግን ብዜታቸው ቢበዛ 20 × 20 = 400 ነው። አይደርስም። ሌንሱን የፈለገውን ያህል ወዲህ ወዲያ ቢለው ግድግዳው ላይ ጥርት ያለ ምስል አያገኝም። ዝቅተኛው ርቀት 4f ነው፣ ለእኛ ሌንስ 48 ሳ.ሜ.፤ እዚያ ላይ ሁለቱ የሌንስ ቦታዎች አንድ ሆነው 24 ላይ ይገጥማሉ፣ ለ ላይ የሠራነው ማለት ነው።