3.3 የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ካርታዎች አዘገጃጀት

ጥናቱ የተመሠረተው በሦስት የመሬት አጠቃቀም ካርታዎች ላይ ነው፤ የ1990፣ የ2005 እና የ2020። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚህ ዘመን ከሳተላይት ምስል አንድ ካርታ ማውጣት ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሁለት ካርታ ጎን ለጎን አስቀምጦ «እዚህ ጋ መሬቱ ተለውጧል» ማለት ነው። እያንዳንዱ ካርታ 90 በመቶ ትክክል ነው እንበል፤ ስህተቶቻቸውም እርስ በርስ አይገናኙም። ሁለቱም በአንድ ላይ ትክክል የሚሆኑት በ81 በመቶው ፒክስል ላይ ብቻ ነው። በቀረው 19 በመቶ ውስጥ ምንም ያልሆነ መሬት የተለወጠ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ውሳኔዎች የተወሰኑት ይህን የውሸት ለውጥ ለመቀነስ ነው።

ለሁለቱ ቀደምት ዓመታት ላንድሳት 5፣ ለ2020 ደግሞ ላንድሳት 8 ጥቅም ላይ ውሏል። የሁለቱም የምስል ጥራት 30 ሜትር ነው፤ አንድ ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለ2020 ባለ 10 ሜትሩን ሴንቲኔል 2 መጠቀም ይቻል ነበር፤ ምስሉም ያምራል። ግን በ10 ሜትር የሚታይ ጠባብ የዛፍ መስመር በ1990ው ምስል ላይ አይታይም፤ ሲወዳደሩ አዲስ ደን የበቀለ ይመስላል። ስለዚህ ተትቷል። ላንድሳት 7ም ለ2005 አልተወሰደም። የመስመር ማስተካከያ መሣሪያው ከግንቦት 2003 መጨረሻ ጀምሮ ተበላሽቶ ስለነበር፣ እያንዳንዱ ምስል 22 በመቶ ያህል መረጃ በሰንጥቅ ሰንጥቅ ጎድሎታል።

ምስሎቹ የተወሰዱት ከጉግል ኧርዝ ኤንጂን ሲሆን የከባቢ አየር እርማት የተደረገላቸው የሁለተኛው ስብስብ የገጽ ነጸብራቅ ውጤቶች ናቸው፤ `LANDSAT/LT05/C02/T1_L2` እና `LANDSAT/LC08/C02/T1_L2`። ተፋሰሱ ሙሉ በሙሉ በአንድ የላንድሳት ምስል ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ የተለያዩ ምስሎችን ማጣበቅ አላስፈለገም። ከደመና፣ ከደመና ዳርቻ እና ከደመና ጥላ ነጻ ያልሆኑ ፒክስሎች በሚከተለው መንገድ ተወግደዋል። ቁጥሮቹም ወደ ነጸብራቅ ዋጋ ተቀይረዋል።

```javascript
function clean(img) {
  var qa = img.select('QA_PIXEL');
  var clear = qa.bitwiseAnd(1 << 1).eq(0)
    .and(qa.bitwiseAnd(1 << 3).eq(0))
    .and(qa.bitwiseAnd(1 << 4).eq(0));
  return img.select('SR_B.')
    .multiply(0.0000275).add(-0.2)
    .updateMask(clear);
}
```

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት በደረቁ ወራት ከተነሱት ምስሎች የሚዲያን ጥምር ምስል ተሠርቷል። ለ2020 16፣ ለ2005 11 ንጹሕ ምስል ተገኝቷል። 1990 ላይ ግን ችግር ነበር፤ ከዓመቱ የተገኙት አራት ምስሎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ መስኮቱ ከ1988 እስከ 1991 እንዲሰፋ ተደርጎ ዘጠኝ ምስል ተሰብስቧል። በዚህ ጽሑፍ «1990» ሲባል የእነዚህ አራት ዓመታት ጥምር ማለት ነው።

የመጀመሪያው የሙከራ ካርታ አንድ ነገር አስተምሮናል። በእያንዳንዱ የደን ጥግ ምሥራቃዊ ዳር ላይ አንድ ፒክስል የሚሰፋ «ደን ወደ እርሻ» ክር ይታይ ነበር። በምዕራባዊው ዳር ደግሞ በተቃራኒው «እርሻ ወደ ደን»። ገበሬ በምሥራቅ በኩል ብቻ አይመነጥርም። ነገሩ ሲጣራ በሙከራው ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ምስሎች ተቀላቅለው ተገኙ፤ ምስሎቹ ወደ ጎን ሸርተት ያሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመልክዓ ምድር አቀማመጥ ስህተታቸው ከ12 ሜትር የማይበልጥ የአንደኛ ደረጃ ምስሎች ብቻ እንዲቀሩ ተደርጓል። ክሮቹም ጠፉ።

መሬቱ በስድስት ክፍል ተመድቧል፤ ደን (1)፣ ቁጥቋጦ (2)፣ ሣር (3)፣ እርሻ (4)፣ የተገነባ መሬት (5) እና ውሃ (6)። መጀመሪያ ባዶ መሬት ሰባተኛ ክፍል ነበር። ሆኖም ከታጨደ ማሳ ጋር ያለው መምታታት መላ ስላልተገኘለት፣ ታርሶ የሚያውቀው ወደ እርሻ፣ የቀረው ወደ ሣር ተጨምሯል። ይህ ውሳኔ የራሱ ዋጋ አለው። የተራቆተ ግጦሽ በካርታው ላይ ለብቻው አይታይም።

ትልቁ ራስ ምታት የእርሻና የሣር መለያየት ነበር። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የቀረ ገለባና የደረቀ ሣር በሳተላይት ዓይን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ፈዘዝ ያለ ቢጫ። የሚለያዩት በዓመቱ ዑደት ነው። ማሳ በአዝመራ ወቅት በኃይል አረንጓዴ ይሆንና ሲታጨድ በአንዴ ይወርዳል። የሣሩ መውጣትና መውረድ ግን ዝግ ያለ ነው። ይህን ለመያዝ ከስድስቱ የብርሃን ባንዶች በተጨማሪ የዕፅዋት አረንጓዴነት መለኪያው ተሰልቷል፤

`NDVI = (NIR - Red) / (NIR + Red)`

በደረቁ ወራት ካለው ዋጋ ሌላ፣ በዓመቱ ውስጥ ባሉት ንጹሕ ምስሎች ሁሉ ላይ የ90ኛውና የ10ኛው መቶኛ ልዩነት እንደ አንድ ግብዓት ገብቷል። የውሃና የተገነባ መሬት መለኪያዎች (`NDWI` እና `NDBI`) እንዲሁም ከ`SRTM` የተወሰዱ ከፍታና ተዳፋት ሲጨመሩ ግብዓቶቹ 12 ይሆናሉ። ከፍታ ጠቃሚ ቢሆንም አደገኛም ነው። ሞዴሉ «ከዚህ ከፍታ በላይ ያለ ሁሉ ደን ነው» ብሎ ከተማረ፣ በዚያ ከፍታ ላይ የተመነጠረን ቦታ አያይም። በዚህ ምክንያት በየከፍታው ደርዝ ከሁሉም ክፍል የማሰልጠኛ ነጥቦች እንዲኖሩ ጥረት ተደርጓል።

ነጥቦቹ በምስል ንባብ የተሰበሰቡ ናቸው። ለ2020 1,120 ነጥብ ከጉግል ኧርዝ ከፍተኛ ጥራት ምስሎች ተነቧል፤ ከእነዚህ 140ዎቹ ቦታው ድረስ ተሄዶ ታይተዋል። ለ2005 860 ነጥብ ተወስዷል፤ ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል የነበረው ግን ለተፋሰሱ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ለ1990 ምንም አልነበረም። 640ው ነጥብ የተነበበው ከላንድሳት ከራሱ ነው። ቅርብ ኢንፍራሬዱ በቀይ በሚታይበት የቀለም ቅንብር፣ ከድሮ የመልክዓ ምድር ካርታ ጋር እየተመሳከረ ነው የተሠራው። አጠራጣሪ በሆኑ ቦታዎች የአካባቢው አዛውንቶች ተጠይቀዋል። አዛውንት ዓመተ ምሕረቱን በትክክል ላያስታውስ ይችላል፤ «ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ወይስ በኋላ?» ሲባል ግን አይስትም። ድልድዩ የተሠራበት ዓመት ስለሚታወቅ መልሱን ከጊዜው ጋር ማያያዝ ተችሏል።

ምደባው የተደረገው በራንደም ፎረስት ነው፤ 300 ዛፍ፣ ሌላው ቅንብር እንደ ነበረ። ሦስቱ ዓመታት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ነጥቦች ለየብቻ ሠልጥነዋል። የላንድሳት 5 እና የላንድሳት 8 ባንዶች የሞገድ ወሰን ትንሽ ስለሚለያይ፣ በአንዱ የሠለጠነ ሞዴል ሌላው ላይ ቢጫን ልዩነቱ ራሱ ለውጥ ሆኖ ይወጣል። ሞዴሉ የተፈተነው ተፋሰሱን በ5 ኪሎ ሜትር ብሎኮች በመክፈል ነው፤ በአንድ ብሎክ ያለ ነጥብ ወይ ለሥልጠና ነው ወይ ለፈተና። ነጥቦቹን በዘፈቀደ ከፍለን ስንሞክር የ2020ው ውጤት 94 በመቶ ነበር። በብሎክ ሲሆን ወደ 87 ወረደ። ዝቅ ያለውን ይዘናል። የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ያለው የፈተናው ነጥብ ከማሰልጠኛው አጠገብ ስለተቀመጠ ነው፤ ተማሪ የጎረቤቱን ወረቀት እንደማየት ያለ ነገር ነው።

ከምደባው በኋላ ከስድስት ተያያዥ ፒክስል (0.54 ሄክታር) ያነሱ ቁርጥራጮች በዙሪያቸው ወዳለው ክፍል ተቀላቅለዋል። ከዚያም ሦስቱ ካርታዎች ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ ሆነው ተያይዘዋል፤

`code = 100*c1990 + 10*c2005 + c2020`

ለምሳሌ 144 ማለት በ1990 ደን የነበረ፣ በ2005 እርሻ የሆነና እስከ 2020 በዚያው የቀጠለ ማለት ነው። የኮዱ ጥቅም የማይመስሉ ታሪኮችን ማጋለጡ ነው። 454 «እርሻ፣ ሰፈር፣ እርሻ» ይላል። ሰፈር ፈርሶ ማሳ የሚሆንበት አጋጣሚ ባይጠፋም እምብዛም ነው። እንዲህ ያሉት ኮዶች በጅምላ አልታረሙም፤ ከአንድ ሄክታር የሚበልጡት አንድ በአንድ በዓይን ታይተዋል። አብዛኞቹ በ2005ው ምስል ላይ በደንብ የነጣ፣ ገና የታረሰ ማሳ ሆነው ተገኝተው ተስተካክለዋል።

ትክክለኛነቱ የተመዘነው በሦስቱ ካርታዎች ላይ በተናጠል ሳይሆን በ1990–2020 የለውጥ ካርታ ላይ ነው፤ መደምደሚያዎቹ የሚያርፉት እዚያ ላይ ነውና። የናሙናው መጠንና አደላደል ኦሎፍሰንና ባልደረቦቹ በ2014 ያቀረቡትን አሠራር ይከተላል። በካርታው መሠረት 80 በመቶው መሬት አልተለወጠም። ላልተለወጠው 0.90፣ ለተለወጠው 0.70 የተጠቃሚ ትክክለኛነት ተገምቶ፣ የሚፈለገው መደበኛ ስህተት 0.015 ሲሆን ስሌቱ 489 ነጥብ ይሰጣል። ወደ 500 ከፍ ተደርጓል። ናሙናው በስፋት ልክ ቢደለደል ለውጥ ላይ የሚያርፈው 100 ነጥብ ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ለሦስቱ የለውጥ ምድቦች ለእያንዳንዳቸው 75 ተሰጥቶ፣ የቀረው 275 ባልተለወጠው ላይ በስፋቱ ልክ ተበትኗል። ሁለት ሰዎች ካርታውን ሳያዩ ነጥቦቹን አንብበዋል። በ61 ነጥብ ላይ አልተስማሙም፤ እነዚህን አብረው ደግመው አይተው ወስነዋል። አስቸጋሪ ነው ተብሎ የተጣለ ነጥብ የለም፤ አስቸጋሪውን መጣል ካርታውን ያላግባብ ያስመርቀዋል።

ውጤቱ በአጠቃላይ፣ በአምራችና በተጠቃሚ ትክክለኛነት ተገልጿል። ካፓ አልተካተተም፤ ከአጠቃላዩ ትክክለኛነት ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ስህተቱ የት እንዳለም ስለማይናገር። በምዕራፍ አራት የቀረቡት ስፋቶችም ፒክስል በመቁጠር የተገኙ አይደሉም። በስህተት ሠንጠረዡ ተስተካክለው ከ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰናቸው ጋር ቀርበዋል። የ1990 ማመሳከሪያ ንባብ ካርታው ከተሠራበት ከዚያው የላንድሳት ምስል ስለሆነ ነጻ ምስክር ሊባል አይችልም። ወሰኑ የናሙናውን ስህተት እንጂ የአንባቢውን አይጨምርም፤ ስለዚህ ከ1990 የሚነሱ ስፋቶች እውነተኛ ወሰን በምዕራፍ አራት ከተጻፈው ሰፋ ይላል።