ማስታወቂያ፦ ስለ ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መሻሻል

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ ለገሃር ዋና መሥሪያ ቤት ለምትሠሩ ሠራተኞች በሙሉ
ከ፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ውድ ባልደረቦቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ከሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዋናው መሥሪያ ቤት የሥራ መግቢያ ሰዓት ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ይቀራል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 3፡30 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመቸውን መግቢያ ሰዓት ይመርጣል። መውጫውም በዚያው ልክ ይስተካከላል።

ለምን? ጠዋት 2፡25 ላይ የመሬት ፎቁን ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የአሻራ ማሽኑ አንድ ነው። ሰልፉ እስከ በሩ ይደርሳል። አሳንሰሩ ያልደረሰለት ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ፣ ላቡን ሳይጠርግ ደንበኛ ያስተናግዳል። ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ የምትመጡ ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤት እንደምትወጡ እናውቃለን። ባቡሩ ሞልቶ ያልፋል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ መንገዱ ይዘጋጋል። ይህ ሁሉ አልፎ ሰው በአሥር ደቂቃ ሲያረፍድ ስሙ ቀይ መዝገብ ላይ መስፈሩ ፍትሐዊ ሆኖ አላገኘነውም። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመጡ እናቶችና አባቶችም ጉዳዩን ደጋግመው አንሥተውልናል። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

የምትመርጡት ከአምስት ሰዓቶች አንዱን ነው። 1፡30 የገባ 10፡30 ይወጣል። 2፡00 የገባ 11፡00፣ 2፡30 የገባ 11፡30፣ 3፡00 የገባ 12፡00፣ 3፡30 የገባ ደግሞ 12፡30 ይወጣል። አንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት ተቀንሶ የሁሉም ሥራ ስምንት ሰዓት ነው። ይህም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከተቀመጠው የቀን መደበኛ የሥራ ሰዓት አይበልጥም። ደመወዝም ሆነ የዓመት ዕረፍት በዚህ ለውጥ አይነካም። የቅዳሜው ግማሽ ቀን እንደነበረው ከ2፡30 እስከ 6፡30 ይቀጥላል።

ከ3፡30 እስከ 10፡30 ግን ከምሳ ሰዓት በቀር ሁላችንም ቢሮ እንገኛለን። ስብሰባም በዚህ መሐል ብቻ ይጠራል። የክፍል ኃላፊዎች ይህንን አጥብቃችሁ እንድትይዙ አደራ እንላለን። 1፡30 የገባን ሰው 11 ሰዓት ላይ ስብሰባ መጥራት የሰጠነውን መብት መልሶ መንጠቅ ነው።

የመረጣችሁት ሰዓት ለአንድ ወር ይጸናል። ዛሬ 1፡30፣ ነገ 3፡00 ማለት አይቻልም፤ አብሯችሁ የሚሠራው ሰው መቼ እንደሚያገኛችሁ ማወቅ አለበት። መቀየር የፈለገ ወሩ ከመግባቱ በፊት፣ በ25ኛው ቀን ያሳውቅ። ከመረጣችሁት ሰዓት እስከ 15 ደቂቃ ብታልፉ ማርፈድ ተብሎ አይመዘገብም፤ ያለፈውን ያህል ግን በዚያው ቀን ማታ ታካክሳላችሁ። ከ15 ደቂቃ በላይ ከሆነ ለቅርብ ኃላፊ መደወል ወይም መልእክት መላክ ግዴታ ነው። ከዚህ ቀደም በማርፈድ ምክንያት የተሰጡ የቃል ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ ከጥቅምት 30 በኋላ አይቆጠሩም። ሁሉም በአዲስ ይጀምራል።

አንዳንዶቻችሁ አስቀድማችሁ የጠየቃችሁን እዚሁ እንመልስ። ምሳ ሰዓትን ሠርቶ በአንድ ሰዓት ቀድሞ መውጣት አይቻልም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ይህ ጥያቄ እንደሚበዛ እናውቃለን። ቀደም ብሎ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን መድረስ የሚፈልግ ሰው የ1፡30ን መግቢያ ይምረጥ፤ ምርጫው የተቀመጠው ለእንዲህ ዓይነቱም ጭምር ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት የምትሄዱ ባልደረቦቻችን የምሳ ዕረፍታችሁ እንደበፊቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። የተጨመረውን ሰዓት እንድታካክሱ አትጠየቁም።

ቀድሞ መግባት ትርፍ ሰዓት አይደለም። ትርፍ ሰዓት የሚባለው ስምንት ሰዓቱ ካለቀ በኋላ በኃላፊ የጽሑፍ ትእዛዝ የተሠራ ሥራ ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በአዋጁ መሠረት በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ትእዛዝ ሳይጻፍ «ትንሽ ቆይልኝ» እያሉ ሰው ማስመሸት ከኅዳር 1 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

ስለ ሰርቪስ በግልጽ እንናገር። ያለን የጠዋት ሰርቪስ አንድ ዙር ብቻ ነው፤ እንደተለመደው 2፡15 ቢሮ ይደርሳል፣ ማታ 11፡40 ይነሣል። በሰርቪስ የምትመጡ 2፡30ን ብትመርጡ ይሻላችኋል። ሌላ ሰዓት የመረጠ ሰው በራሱ ትራንስፖርት ይመጣል። ሁለተኛ ዙር ለመጨመር አስበን ነበር፤ በዚህ በጀት ዓመት አልተቻለም። ይሁን እንጂ 12፡30 የሚወጣ ሰው ሲወጣ መሽቷል። በዚያ ሰዓት ሴት እህቶቻችን ብቻቸውን መንገድ ላይ ታክሲ ሲጠብቁ እንዲቆሙ አንፈልግም። ስለዚህ የቢሮው መኪና በየማታው 12፡40 ከግቢ ተነሥቶ እስከ መገናኛ ድረስ ያደርሳል። ወንድም ሴትም መሳፈር ይችላል። ቦታ ሲጠብ ግን ቅድሚያ ለሴቶች ነው።

ለውጡ ሁሉንም በእኩል አይመለከትም። ደንበኛ 2፡30 ላይ በራችን ላይ ስለሚገኝ የእንግዳ መቀበያና የገንዘብ ቤት ሠራተኞች በነፃ መምረጥ አይችሉም። ለእነሱ ያዘጋጀነው በየሳምንቱ መፈራረቅ ነው፦ ግማሹ 2፡00 ገብቶ 11፡00 ይወጣል፣ ግማሹ 3፡00 ገብቶ 12፡00 ይወጣል። ጥበቃዎችና ሾፌሮች በነበራችሁ ፈረቃ ትቀጥላላችሁ። የእናንተን ለብቻው ለማየት ከተወካዮቻችሁ ጋር እንቀመጣለን። እናንተን የዘነጋ ማሻሻያ ሙሉ ነው ብለን አናምንም።

አሠራሩ እስከ ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. በሙከራ ይቆያል። ከዚያ በአሻራ መዝገቡና በእናንተ አስተያየት ተመሥርተን ቋሚ እናደርገዋለን ወይም እናስተካክለዋለን።

አሁን ከእናንተ የሚጠበቀው የሰዓት ምርጫ ቅጹን ሞልቶ፣ በቅርብ ኃላፊ አስፈርሞ፣ እስከ ዓርብ ጥቅምት 28 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ማስረከብ ነው። ቅጹ 3ኛ ፎቅ የሰው ሀብት ቢሮ ይገኛል። ቅጽ ያላስገባ ሰው በነበረበት 2፡30 ይቀጥላል። ኃላፊ ምርጫውን ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በስብሰባ አዳራሽ የማብራሪያ ውይይት ስላለ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ።

ለማንኛውም ጥያቄ ወ/ሮ ሰብለን አነጋግሩ፤ የሰው ሀብት አስተዳደር፣ 3ኛ ፎቅ፣ የውስጥ መስመር 214፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ3፡30 እስከ 10፡30። በግል ልታናግሯቸው የምትፈልጉት የጤና ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ካለ በዚህ ግሩፕ ላይ አትጻፉት፤ ቢሯቸው ገብታችሁ ብትነግሯቸው በምስጢር ይያዛል። ማስታወቂያውን ማንበባችሁን ለማወቅ ከሥር «ደርሶኛል» ብላችሁ መልሱልን። ስልካቸው ቴሌግራም ለማይቀበል ባልደረቦቻችን በየፎቁ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ እባካችሁ ንገሯቸው።

ከሰላምታ ጋር
ዋና ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት አስተዳደር
ለፋይናንስ ክፍል
ለጠቅላላ አገልግሎት
ለሠራተኛ ማኅበር