የተያዘ ቀጠሮ ሲዛወር ሰዓቱ ስለሚለወጥበት ስሕተት

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀጠሮ ሶፍትዌር አቅራቢ ድርጅት
የደንበኞች ድጋፍ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስሕተቱ በአስቸኳይ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ከድርጅታችሁ ገዝተን የምንጠቀምበት የታካሚዎች ቀጠሮ መያዣ ሶፍትዌር፣ የተያዘ ቀጠሮ ወደ ሌላ ቀን ሲዛወር ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ወደፊት እንደሚገፋው ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልክ ማሳወቄ ይታወሳል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳበራ ተነግሮኝ የተባልኩትን ባደርግም፣ ስሕተቱ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ተደግሟል።

አዲስ ቀጠሮ ስይዝ ችግር የለም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብዬ የመዘገብኩት 3 ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል። ያንኑ ቀጠሮ ከፍቼ፣ Reschedule የሚለውን ተጭኜ፣ ሰዓቱን ሳልነካ ቀኑን ብቻ ስቀይር ግን Appointment updated successfully የሚል መልእክት ይመጣና መዝገቡ እንደገና ሲከፈት ቀጠሮው ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። የለውጥ ታሪኩ የመጀመሪያውን 09:00፣ የተዛወረውን 15:00 ብሎ ያሳያል። የሙያው ሰው ባልሆንም፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት መሆኑ የእኛን ሰዓት ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይረው ስሌት ሁለት ጊዜ እየተሠራ እንዳይሆን ያስጠረጥረኛል።

የከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የባሰ ነው። የ8 ሰዓቱ ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ስለሚሄድ፣ ክሊኒኩም በ11 ሰዓት ስለሚዘጋ፣ የታካሚው ስም በዕለቱ ዝርዝር ላይ ጭራሽ አይወጣም። የጠዋቱ ደግሞ በሥራ ሰዓት ውስጥ ስለሚወድቅ ማንም አይጠረጥረውም። ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን አንዲት እናት የስኳር መጠናቸውን ለመለካት ምግብ ሳይቀምሱ በ3 ሰዓት ቢመጡ፣ ዝርዝሩ ላይ ያገኘኋቸው 9 ሰዓት ላይ ነበር፤ በቦታቸውም ሌላ ሰው ተይዟል። የያዙት የቀጠሮ ካርድ ላይ «3 ሰዓት» ብዬ የጻፍኩት እኔው ስለሆንኩ የምመልሰው አጣሁ። እስከ 5 ሰዓት ተኩል በባዶ ሆዳቸው ጠብቀዋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጠሮ ማዛወር ትቼ፣ አሮጌውን ሰርዤ እንደ አዲስ እመዘግባለሁ። ይሁን እንጂ ሲሰረዝ አብሮት የነበረው የክፍያ ደረሰኝ ቁጥር ስለሚጠፋ፣ ማታ ከሒሳብ ክፍል ጋር በደብተር እናመሳክራለን።

ስለዚህ ስሕተቱ እንዲታረም፣ እስኪታረም ድረስ የማዛወሪያው ቁልፍ እንዲዘጋልን፣ እንዲሁም እስካሁን የተዛወሩት ቀጠሮዎች ሁሉ ከነትክክለኛ ሰዓታቸው ተለይተው እንዲላኩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያልደረስንባቸው የተዛቡ ቀጠሮዎች በሚቀጥሉት ሳምንታት ውስጥ እንዳሉ እገምታለሁና ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይቀድማል። ባለሙያ የምትልኩ ከሆነ ወረፋው ከሚቀልበት ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ምላሹም በጽሑፍ ይሁንልን፤ የቀድሞው የስልክ አቤቱታዬ መዝገብ ላይ እንደሌለ ትናንት ስደውል ተነግሮኛል።

የአሥራ አንዱን ቀጠሮዎች ዝርዝርና የታካሚዎች ስም የተሸፈነባቸውን የስክሪን ፎቶዎች አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ

ግልባጭ፦
ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ለሒሳብ ክፍል