ከሰኞ ጀምሮ የወረፋው አሠራር ይቀየራል

ሰላም ለሁላችሁ፣

ትናንት ወረፋውን ከላይ እስከ ታች አየሁት። 86 ታስኮች በሰው ስም ተይዘው ከሳምንት በላይ ማንም አልነካቸውም። አንዱማ ከቡድናችን ከወጣ ሁለት ወር በሞላው ልጅ ስም ነው ያለው። ደንበኛው "የት ደረሰ?" ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ስንፍና ነው አልልም። ጠዋት ቀለል ቀለል ያሉትን 15 እና 20 አፍሶ የሚይዝ አለ፤ ከባዶቹ ሥር ይቀራሉ። ገደብ ሳላበጅ የተውኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሰኞ ጀምሮ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው 5 ታስክ ብቻ ነው። ስድስተኛውን የፈለገ አንዱን ይጨርስ ወይም ይልቀቅ። መምረጥም ቀርቷል። "ቀጣይ" የሚለውን ስትጫኑ ሲስተሙ ከሁሉም የቆየውን ይሰጣችኋል። የማትችሉት ከመጣ ዝለሉት፣ ግን ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። "ፋይሉ አይከፈትም" ምክንያት ነው። "ከባድ ነው" አይደለም።

ሁለት የሥራ ቀን ያልተነካ ታስክ በራሱ ወደ ወረፋው ይመለሳል። የጀመራችሁት ግን አይጠፋም፤ ረቂቁ አብሮት ስለሚሄድ የሚቀጥለው ሰው ካቆማችሁበት ይነሳል። ከፍቶ መዝጋት እንደ መንካት አይቆጠርም። (አዎ፣ ይቺን ዘዴ አውቃታለሁ።)

ዋናው ችግር ግን መልስ መጠበቅ ነው። ከ86ቱ ግማሽ ያህሉ የቆሙት አንድ ሰው ጥያቄ ጠይቆ መልስ ስላላገኘ ነው፤ ማንን እንደጠየቀ ግን የትም አልተጻፈም። ከእንግዲህ ታስኩን "በመጠባበቅ ላይ" አድርጉት፤ ማንን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስለምን እንደምትጠብቁ ማስታወሻው ላይ አስፍሩ። ያኔ ሁለቱ ቀን መቆጠሩን ያቆማል። በሦስተኛው ቀን መልስ ካልመጣ ለእኔ አስተላልፉልኝ፤ መነዝነዙ የእኔ ሥራ ይሁን።

ገምጋሚዎችም አትቀሩም። የተላከላችሁን በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መልሱ። እኔም ጭምር ነኝ፤ አሁን ራሴ ጋ 9 ተከማችተዋል፣ ዛሬ እጨርሳቸዋለሁ።

ዕረፍት የሚወጣ ሰው በመጨረሻው ቀን የያዘውን ሁሉ ይልቀቅ።

አሁን በስማችሁ ያሉትን የቆዩ ታስኮች እስከ ዓርብ ማታ ወይ ጨርሱ ወይ ልቀቁ። ለለቀቀ ሰው ለምን የሚል ጥያቄ የለም፣ የወር አፈጻጸም ላይም አይገባም። ከዚያ በኋላ የቀረውን እኔው እለቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በራሳቸው የተመለሱትን በማንም ላይ አልቆጥርም፤ ቁጥሩ 5 መሆኑ ያንሳል ወይ ይበዛል የሚለውን ግን አያለሁ።

ረጃጅም ታስክ ላይ ያላችሁ ሦስት ሰዎች፣ ሁለት ቀን እንደማይበቃችሁ አውቃለሁ። ከሐሙስ በፊት ለየብቻ ጻፉልኝ፣ የእናንተን ገደብ ለብቻው አስተካክላለሁ።