ማንም በሌለበት ቆጣሪው ስንት ይቆጥራል? (የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ ትምህርት)

ተማሪዎች፣ ደብተር አውጡ። የዛሬው ትምህርት ከበሩ አጠገብ ባለው ቆጣሪ ላይ ነው።

ትናንት ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ፣ ቆጣሪው 48216.4 ነበር። ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ማንም ሳይገባ፣ 48244.4 ሆነ። ቀንሱ። 28 ኪሎዋት ሰዓት። በ14 ሰዓት ውስጥ አንድም ክፍል ሳይማር 28 ኪሎዋት ሰዓት ሄዷል። 28ን ለ14 ስናካፍል 2 ኪሎዋት ይመጣል። ትምህርት ቤታችን ተኝቶ በአማካይ 2 ኪሎዋት ይበላል ማለት ነው።

ዋትና ኪሎዋት ሰዓትን የምታምታቱ አላችሁ። ዋት ውሃው ከቧንቧ የሚወርድበት ፍጥነት ነው። ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመው ነው። የምንከፍለው ለባልዲው ነው። ቀመሩን ጻፉ፦

```
E (kWh) = P (W) × t (h) ÷ 1000
```

አሁን ሌባውን እንፈልግ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። ከጎኗ 1600 imp/kWh ተጽፏል። 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት አለቀ ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ንባቡን ከያዝን በኋላ በአንድ ደቂቃ 42 ብልጭታ ቆጠርን። ከዚያ የኮምፒውተር ክፍሉን ኮምፒውተሮች በሙሉ አጥፍተን እንደገና ቆጠርን። 10 ብቻ! ልዩነቱ 32 ነው።

```
P = 32 × 60 ÷ 1600 = 1.2 kW
```

1200 ዋትን ለ30 ኮምፒውተር አካፍሉ። እያንዳንዱ 40 ዋት። ሁሉም ስክሪናቸው ጥቁር ነበር። ይቺን አስምሩባት፦ ስክሪን ጠቆረ ማለት ኮምፒውተር ጠፋ ማለት አይደለም። Shut down እስካላላችሁት ድረስ እየበላ ነው። ደግሞ ከጀርባው 300 ዋት የሚል ጽሑፍ አይታችሁ በሱ እንዳታሰሉ። እሱ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ነው እንጂ አሁን የሚበላው አይደለም። ስለዚህ ነው ለክታችሁ እመኑ የምላችሁ።

የሌሊቱን 28 እናከፋፍለው። ኮምፒውተሮቹ 1.2 × 14 = 16.8። የጥበቃ መብራቶች 500 ዋት ናቸው፤ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲበሩ 6። ሁለት የጣሪያ ቬንትሌተሮች እያንዳንዳቸው 70 ዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ክፍል ሲያናፍሱ 1.96። የባሕር ዳር ሙቀት ቀን ላይ ቬንትሌተር ግድ ይላል፤ ባዶ ወንበር ግን አይሞቀውም። ኮፒ ማሽኑ ሥራ ፈቶ በ60 ዋት 0.84። የቤተ ሙከራው ፍሪጅ 0.9። ድምሩ 26.5 ነው። የቀረው 1.5 የት እንደገባ ገና አላገኘነውም።

የጥበቃ መብራትና ፍሪጅ አይነኩም። እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። ማጥፋት የምንችለው ኮምፒውተሮቹን፣ ቬንትሌተሮቹንና ኮፒ ማሽኑን ነው፤ ድምራቸው 1.4 ኪሎዋት።

በሳምንት ስንት ሰዓት ባዶ ነን? ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ሌሊት፣ 56 ሰዓት። ከዓርብ 11 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ግን 62 ሰዓት ነው! የሳምንቱ ትልቁ ብክነት ዓርብ ማታ ይጀምራል። ድምሩ 118 ሰዓት።

```
1.4 × 118 = 165.2 kWh በሳምንት
165.2 × 40 ሳምንት = 6608 kWh በዓመት
```

ለልምምድ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር እንበል። 33,040 ብር ይሆናል። ትክክለኛውን ዋጋ ከቢሉ ላይ ታያላችሁ። ጠቅላላውን ሒሳብ ለኪሎዋት ሰዓት አታካፍሉ፤ ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያው ብንቆጥብም ባንቆጥብም አይቀንስም።

ይህ ነገር እኛን ከሌላው የበለጠ ይመለከተናል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውሃውን የሚወስደው ከዚሁ ከጣና ነው፣ በዋሻ ወደ በለስ። በዚያ የሄደ ውሃ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አይወርድም። በመስመሩ ላይ የሁሉም ጣቢያ ኃይል ስለሚቀላቀል የኛ መብራት ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልም። ግን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ውሃውን በባዶ ክፍል ማፍሰስ እኔን ያመኛል።

የቤት ሥራ። ከዓርብ ጀምሮ የኮምፒውተር ክፍል ተረኞች ሁሉንም Shut down ካደረጋችሁ በኋላ የየረድፉን ዲቫይደር አጥፉ። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ፣ ፋይል ይበላሻል። ሁለት ልጆች ዓርብ 11 ሰዓትና ሰኞ 1 ሰዓት ንባብ ይያዙ። የቆጣሪውን ሣጥን መክፈትም ሆነ ሽቦ መንካት ክልክል ነው፤ በዓይን ብቻ። ሳታጠፉ በ62 ሰዓት ሊበላ የሚችለውን አሁን ባለን ቁጥር ገምታችሁ ኑና ሰኞ ከንባቡ ጋር እናስተያየዋለን። ያቺን 1.5 ያገኘ ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ያስረዳናል።