የመልመጃ ወረቀት፦ የንጥረ ነገርን ባሕርይ ከግሩፑና ከፔሪየዱ መተንበይ

ትምህርት፦ ኬሚስትሪ፣ 9ኛ ክፍል። የተመደበው ጊዜ፦ 80 ደቂቃ። ጠቅላላ ነጥብ፦ 30።

መመሪያ፦ ከፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ በስተቀር ሌላ መጽሐፍ መመልከት አይፈቀድም። የእያንዳንዱን ትንበያ ምክንያት በሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ትክክለኛ ትንበያ ያለ ምክንያት የሚያስገኘው የነጥቡን ግማሽ ብቻ ነው። «በግሩፕ 1 ስለሚገኝ ነው» የሚል መልስ ንጥረ ነገሩ ያለበትን ቦታ ከመናገር አያልፍም፤ ስለዚህ የሼሎች ብዛት፣ የኒውክለስ ቻርጅ እና የውጨኛው ሼል ኤሌክትሮኖች ለተጠየቀው ባሕርይ እንዴት ምክንያት እንደሚሆኑ አስረዱ።

1. አንድ ንጥረ ነገር በግሩፕ 2 እና በፔሪየድ 4 መገናኛ ላይ ይገኛል። ስሙን ከሠንጠረዡ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ ስንት ሼል እንዳለው፣ በውጨኛው ሼል ስንት ኤሌክትሮን እንደሚይዝ፣ ብረት-አስተኔ መሆን አለመሆኑን እና የአዮኑን ቻርጅ ተንብዩ። ንጥረ ነገሩን M ብላችሁ ከክሎሪንና ከኦክስጅን ጋር የሚፈጥራቸውን ውህዶች ቀመር ከጻፋችሁ በኋላ ስሙን ግለጹ። (5 ነጥብ)

2. የሊቲየም፣ የሶዲየም፣ የፖታሲየም እና የሩቢዲየም መቅለጫ ነጥብ በቅደም ተከተል 181፣ 98፣ 64 እና 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። (8 ነጥብ)

ሀ) በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ታች ሲወርድ እየጠበበ መሄዱን ልብ በማለት፣ የሲዚየምን መቅለጫ ነጥብ ገምቱ። መቅለጫ ነጥቡ ለምን እንደሚቀንስ፣ የውጨኛውን ኤሌክትሮን ከኒውክለስ መራቅ ከብረት-አስተኔ ቦንድ ጥንካሬ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።

ለ) በታሸገ የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ያለ ሲዚየም 37 ዲግሪ በሆነ የሰውነት ሙቀት ይቀልጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ብልቃጡ አየርና ውሃ እንዳያስገባ መታሸግ ያለበትስ ለምንድን ነው?

ሐ) የእነዚሁ የአራቱ ንጥረ ነገሮች እፍግታ በዚያው ቅደም ተከተል 0.53፣ 0.97፣ 0.86 እና 1.53 ግራም በሴንቲሜትር ኩብ ነው። ቅደም ተከተሉ የተዛባው የትኛው ላይ ነው? ወደ ታች ሲወርድ የአቶሙ ክብደትም መጠኑም የሚጨምሩ ሲሆን እፍግታ ግን የሁለቱ ጥምርታ ነው፤ ይህን መነሻ አድርጋችሁ፣ የግሩፕን አዝማሚያ ተከትሎ እፍግታን መተንበይ መቅለጫ ነጥብን ከመተንበይ ይልቅ ለምን ጥንቃቄ እንደሚሻ ጻፉ። ይህን ጥያቄ በጥድፊያ አትለፉት፤ አዝማሚያ የማይሠራበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ የመተንበይ ችሎታ አንዱ ክፍል ነው።

3. የክሎሪን የመፍላት ነጥብ −34፣ የአዮዲን ደግሞ 184 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የብሮሚንን የመፍላት ነጥብ ገምታችሁ፣ በ25 ዲግሪ ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይስ ጋዝ እንደሚሆን ወስኑ። ከዚያም በፖታሲየም ብሮማይድ ሙሙት ላይ ክሎሪን ቢጨመር የሚከሰተውን አጸግብሮት በተመጣጠነ እኩልታ ጻፉ። በአፋር ክልል በዳሎል አካባቢ ያለው የፖታሽ ክምችት ፖታሲየም ክሎራይድ ይዟል፤ በዚህ ጨው ሙሙት ላይ ብሮሚን ቢጨመር አጸግብሮት ይኖራል? መልሳችሁን በሁለቱ ንጥረ ነገሮች ኤሌክትሮን የመሳብ አቅም አስደግፉ። (6 ነጥብ)

4. በፔሪየድ 3 የሶዲየም፣ የማግኒዥየም፣ የሲሊከን፣ የፎስፈረስ እና የክሎሪን የመጀመሪያ አዮናይዜሽን ኢነርጂ 496፣ 738፣ 786፣ 1012 እና 1251 ኪሎ ጁል በሞል ነው። ጠቅላላ አዝማሚያውን ብቻ ተከትላችሁ የአሉሚኒየምን ገምቱ። በልኬት የተገኘው 578 ነው። ግምታችሁ ከዚህ የራቀበትን ምክንያት፣ የማግኒዥየምንና የአሉሚኒየምን የኤሌክትሮን አደረጃጀት በንዑስ ሼል ጽፋችሁ አብራሩ። (5 ነጥብ)

5. ሜንዴሌቭ በ1871 እ.ኤ.አ. ከሲሊከን በታች ለተወው ባዶ ቦታ፣ አቶሚክ ክብደቱ 72፣ እፍግታው 5.5 የሚሆን ንጥረ ነገር እንደሚገኝ ተንብዮ ነበር፤ በ1886 ጀርመናዊው ክሌመንስ ዊንክለር ጀርማኒየምን አገኘ። የጋሊየም አቶሚክ ክብደት 69.7፣ የአርሰኒክ 74.9 ነው፤ የሲሊከን እፍግታ 2.33፣ የቆርቆሮ 7.3 ነው፤ የ SiCl4 የመፍላት ነጥብ 58፣ የ SnCl4 114 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የጎረቤቶቹን አማካይ በመውሰድ የጀርማኒየምን አቶሚክ ክብደትና እፍግታ፣ እንዲሁም የ GeCl4 ን የመፍላት ነጥብ አስሉ። የጀርማኒየም ትክክለኛ አቶሚክ ክብደት 72.6፣ እፍግታው 5.3 መሆኑን ይዛችሁ፣ በእያንዳንዱ ባሕርይ የእናንተ ስሌት ወይስ የሜንዴሌቭ ትንበያ ይበልጥ እንደቀረበ ለይታችሁ ጻፉ። (6 ነጥብ)